ሦስት ጊዜ የወለቀው ብሎን፦ በደብረ ብርሃን የአንድ ካቢኔት ማጠፊያ ጥገና

አክስቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በወጥ ቤቷ ውስጥ ከባሕር ዛፍ ጣውላ የተሠራ፣ ሁለት በር ያለው ዝቅ ያለ ካቢኔት አለ። የጉዳዩ ባለቤት የግራው በር ነው። በሩ 44 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን በሚዛን ስናስቀምጠው 5 ኪሎ መዘነ። ከላይና ከታች በሁለት የብረት ማጠፊያዎች ተይዟል። የእያንዳንዱ ማጠፊያ አንደኛው ክንፍ በበሩ ጠርዝ ላይ፣ ሌላኛው ክንፍ ደግሞ በመቃኑ ላይ በሦስት በሦስት ብሎን ታስሯል። ብሎኖቹ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 30 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው ተራ የእንጨት ብሎኖች ናቸው።

ችግሩ የታየው በሰኔ ነው። የላይኛው ማጠፊያ በመቃኑ በኩል ላላ፤ በሩም አዘነበለና ነጻ የሆነው የታችኛው ማዕዘኑ የካቢኔቱን ወለል ይፍቅ ጀመር። የአክስቴ ልጅ ካቻቪቴ ይዞ አጠበቀው፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ያዘ፣ እንደገና ላላ። በመስከረም ደግሞ ወረቀት አጣጥፎ ቀዳዳው ውስጥ ወተፈና ብሎኑን በላዩ ላይ አዞረበት። ወረቀቱም አንድ ወር አልሞላውም። እኔ የተጠራሁት በታኅሣሥ ነው።

አናጺ ነኝና ነገሩ ከባድ አልመሰለኝም። ብሎኑን በካቻቪቴ ስሞክረው ማለቂያ በሌለው ሁኔታ ይዞራል፤ ወደ ውስጥም አይገባም፣ ወደ ውጭም አይወጣም። በጥፍሬ እየሳብኩ ሳዞረው ወጣ። በጥርሶቹ መካከል ቡናማ የእንጨት ብናኝ እንደ ጥጥ ተጠምጥሞበታል። ይህ ብናኝ ሁሉን ይናገራል። ብሎን እንጨት ውስጥ የሚቆመው ጥርሱ በእንጨቱ ጭረት መካከል ቦታ ቆርጦ ስለሚቀመጥ ነው፤ ያ የተቆረጠ ቦታ ተሸርፎ ከብሎኑ ጋር ሲወጣ ቀዳዳው ለስላሳ ቱቦ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ብሎኑን የቱንም ያህል ቢያዞሩት የሚነክሰው ነገር የለውም። እንዲያውም እያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር ቀዳዳውን ይበልጥ ይፍቀዋል። ልጁ በሰኔ በቅንነት ያጠበቀው ብሎን ጉዳቱን ያባባሰው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያ ታኅሣሥ ምሽት ያደረግሁት ይህ ነበር። ከከሰል ማንደጃው አጠገብ የተቀመጠውን ክብሪት አንስቼ አራት እንጨት መዘዝኩ፣ ጫፋቸውን ቆረጥኩ፣ ነጩን የእንጨት ኮላ ቀባኋቸውና ቀዳዳው ውስጥ ሰካኋቸው። ወዲያው ብሎኑን አስገብቼ አጠበቅሁ። ጥብቅ አለ። አክስቴም «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ብላ ቡና አፈላች። በሩን ሰቅለን፣ ዕቃውን መልሰን ተለያየን።

በጥር መጨረሻ ስልክ ደወለች። «ልጄ፣ ያ ብሎን ደግሞ ወጣ።»

ይህን ጉዳይ በዝርዝር ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ሦስተኛ መውለቅ ምክንያት ነው። የኮላና የስንጥር ጥገና ትክክለኛ ጥገና ነው፤ እኔ የሠራሁት ግን አራት ስሕተት ነበረበት። ሦስቱ በሥራው ውስጥ የተሠሩ ናቸው፤ አራተኛው ከካቢኔቱ ውጭ ቆሞ የነበረ ነው።

በየካቲት ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት የድሮውን ጥገናዬን አውጥቼ መመርመር ነው። የክብሪት እንጨቶቹን በቀጭን ሚስማር ስቆሰቁስ እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ወጡ። በላያቸው ላይ ያለው ኮላ እንደ ጠመኔ ነጭ ነበር፤ በጣቴ ሳሸው ዱቄት ሆነ። በደንብ የደረቀ ነጭ ኮላ እንዲህ አይሆንም። ሲደርቅ ነጭነቱ ይጠፋል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል፣ በጥፍር ሲጫኑት እንደ ቀንድ ይጠነክራል። ጠመኔ የመሰለ ኮላ በብርድ የደረቀ ኮላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጭ ኮላ በውኃ ውስጥ የተንሳፈፉ ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ድብልቅ ነው። ውኃው ወደ እንጨቱና ወደ አየሩ ሲሄድ ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ እርስ በርስ ተዋሕደው አንድ ወጥ ስስ ሽፋን ይሆናሉ። በጣም ከቀዘቀዘ ግን ቅንጣቶቹ ደርቀው እንደ ጠጠር ይቀመጣሉ እንጂ አይዋሐዱም። ውኃው ይሄዳል፣ ዱቄቱ ይቀራል። ይህ የሚሆንበት የቅዝቃዜ መጠን እንደ ኮላው ዓይነት ይለያያል፤ ብዙዎቹ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ካለው በታች መሥራት ያቆማሉ። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። እሳት የጠፋበት ወጥ ቤት ውስጥ፣ በቀዝቃዛ መቃን ላይ፣ በምሽት የተቀባ ኮላ የሚደርቀው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ቆላ ወርጄ ብሠራው ኖሮ ያው ኮላና ያው ክብሪት ሳይሻል አይቀርም ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ክብሪቱ ነው። ክብሪት ሲሠራ እሳቱ ከጫፉ ወደ እንጨቱ በቀላሉ እንዲወርድ እንጨቱ ከራሱ በኩል ሰም ይጠጣል። ራሱን ብቻ ቆርጬ ብጥልም ሰሙ ከሥር ይቀራል፤ ሰም በጠጣ እንጨት ላይ ደግሞ ኮላ አይይዝም። ክብሪት መጠቀም ግድ ከሆነ ግማሹን ቆርጦ መጣል፣ የታችኛውን ግማሽ ብቻ መውሰድ ይሻላል። ሦስተኛው ስሕተት ብሎኑን በእርጥብ ኮላ ውስጥ ማዞሬ ነው። ኮላው ሳይደርቅ ስንጥሮቹ አልተያዙም፤ ብሎኑ ሲዞር አብረው ይዞራሉ፣ ይጣመማሉ፣ ከግድግዳው ይላቀቃሉ። ውኃ የጠጣ እንጨትም ለስላሳ ስለሆነ ጥርሱ ንጹሕ መስመር አይቆርጥበትም። ለጊዜው ጥብቅ ያለ የሚመስለው ነገሩ ስለ ታጨቀ ብቻ ነው።

አራተኛውን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። በሩን አውልቄ ብርሃን ወዳለበት ወደ ደጅ ሳወጣ በፊት ለፊቱ ላይ፣ ከማጠፊያው ጠርዝ 8 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ ከላይኛው ማጠፊያ ትይዩ አንድ ጣት የሚያህል ሰማያዊ ጭረት አየሁ። ቀለም አይደለም፤ ስነካው ፕላስቲክ ነው። ወደ ወጥ ቤቱ ተመልሼ ስመለከት ከካቢኔቱ በስተግራ ባለ 200 ሊትር ሰማያዊ የውኃ በርሜል ቆሟል። ሆዱ ከካቢኔቱ ፊት አልፎ ወጥቷል፤ የአፉ ጠርዝም ከፍታው ከላይኛው ማጠፊያ ጋር እኩል ነው።

«እትዬ፣ ይህን በርሜል መቼ ነው ያስገቡት?» አልኳት።

«ለፋሲካ ነው እንጂ፤ ውኃው መጥፋት ሲያበዛ ጊዜ።»

ፋሲካና ሰኔ። ብሎኑ መላላት የጀመረው በርሜሉ በገባ በሁለት ወር ውስጥ ነው።

ይህ ለምን እንደሚያጠፋ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በመጀመሪያ በሩ ምንም ሳይነካ ዝም ብሎ ሲሰቀል የላይኛው ማጠፊያ ምን ያህል ይሳባል? የበሩ ክብደት 5 ኪሎ ነው፤ መሐሉ ከማጠፊያው 22 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ሁለቱ ማጠፊያዎች በ50 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። 5ን በ22 አባዝተን ለ50 ስናካፍል 2.2 እናገኛለን። ስለዚህ በሩ የላይኛውን ማጠፊያ ከመቃኑ ሊነቅል ወደ ጎን የሚስበው 2 ኪሎ በሚያህል ኃይል ነው። የታችኛውን ደግሞ በዚያው መጠን ወደ መቃኑ ይጫነዋል። ከታች ያለው ብሎን ብዙ ጊዜ የማይላላው ለዚህ ነው። ሦስት ብሎኖች 2 ኪሎ መሸከም አያቅታቸውም፤ ዕድሜ ልካቸውን ይሸከሙታል።

አሁን በርሜሉን እንጨምር። በሩ ሲከፈት የበርሜሉ ጠርዝ ከማጠፊያው 8 ሴንቲ ሜትር ላይ ያቆመዋል። እጅ የሚይዘው እጀታ ግን ከማጠፊያው 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። በርሜሉ ውኃ ስለሞላበት አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ በሩ ድንጋይ ለመፈንቀል እንደ ገባ ብረት ይሆናል፤ በርሜሉ ደገፉ፣ እጅ ያለበት ረጅሙ ክንድ፣ ማጠፊያው ያለበት አጭሩ ክንድ። ረጅሙ ክንድ 32 ሴንቲ ሜትር፣ አጭሩ 8 ነው፤ አራት እጥፍ። ሰው እጀታውን በ5 ኪሎ ያህል ኃይል ገፋ ቢያደርገው የማጠፊያው ጠርዝ በ20 ኪሎ ከመቃኑ ይነቀላል። ያ ኃይል ደግሞ በሁለቱ ማጠፊያዎች ላይ እኩል አይካፈልም፤ የበርሜሉ ጠርዝ በላይኛው ትይዩ ስለሆነ አብዛኛው እዚያው ያርፋል። የካቢኔቱ በር በመቃኑ ውስጥ የሚገጥም ዓይነት በመሆኑም ብሎኖቹ የገቡት ወደ ጎን ነው፤ ኃይሉ እነርሱን የሚስባቸው በገቡበት መስመር ተመልሰው እንዲወጡ ነው። በቀን ሃያ ጊዜ እንጀራና ቅመም ለማውጣት የሚከፈት በር ቀዳዳውን በጥቂት ወራት ቢፈጀው አይገርምም። ይህ ሳይነሣ ብሎኑን በወርቅ ቢጠግኑትም ይወልቃል።

እንግዲህ ወደ ጥገናው። የላይኛውን ማጠፊያ ሦስቱንም ቀዳዳዎች አየሁ። ሁለቱ ሰፍተዋል፣ ሦስተኛው ብሎን ገና ይነክሳል። ሁለቱን ለመሙላት ወሰንኩ። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ እንጨቱ ጠቁሯል። ባሕር ዛፍ ውስጥ ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግሉ ዓይነት ንጥረ ነገሮች አሉ፤ እርጥበት ባለበት ከብረት ጋር ሲገናኙ እንጨቱን ያጠቁሩታል፤ ዝገቱም ጭረቱን ያደክመዋል። ወጥ ቤት ደግሞ እንፋሎት አያጣም። በዚያ ጥቁር፣ ልም እንጨት ላይ ኮላ መቀባት በአቧራ ላይ መለጠፍ ማለት ነው። ስለዚህ 6 ሚሊ ሜትር ፑንታ ወሰድኩ፣ ከጫፉ 30 ሚሊ ሜትር ላይ ፕላስተር ጠምጥሜ የጥልቀት ምልክት አደረግሁበትና ቀስ ብዬ ቦረቦርኩ። የሚወጣው ፍቅፋቂ መጀመሪያ ጥቁር ነበር፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻ ገርጣ ያለ ቀይ። ገርጣው ሲወጣ ጤነኛ እንጨት ላይ ደርሻለሁ ማለት ነው። ብናኙን በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ እፍ ብዬ አስወጣሁት።

ለስንጥሩ ከአሮጌ በር የተረፈ የደረቀ ጥድ ነበረኝ። ስንጥር በመጋዝ አይቆረጥም፤ በቢላዋ ይሰነጠቃል። በመጋዝ የተቆረጠው ጭረቱ መሐል ላይ ይቋረጣል፣ ሲመቱት ይሰበራል። የተሰነጠቀው ግን ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚሄድ ሲገባ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ጥድ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ቢላዋውን አሳርፎ በመዶሻ ጠቅ ሲያደርጉት ቀጥ ብሎ ይከፈላል። 35 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው፣ አንደኛው ጫፋቸው በጥቂቱ የሾለ ስንጥሮች አዘጋጀሁ፤ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ወፈር ያለና አራት አምስት ቀጫጭን። ስቴኪኒም ይሆናል፤ ከቀርከሃ የተሠራው ግን የሚያብረቀርቅ ፊቱ ኮላ ስለማይቀበል መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት መታሸት አለበት።

ኮላ ከመቀባቴ በፊት ስንጥሮቹን በደረቁ ሰካሁ። ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ የምጨነቅበት ነው። ነጭ ኮላ ክፍተት አይሞላም። ጥንካሬው ያለው ሁለት እንጨት ተጠጋግቶ በመካከላቸው እንደ ወረቀት የሳሳ ኮላ ሲኖር ነው፤ በወፈረ ቁጥር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀዳዳው በእንጨት መሙላት አለበት እንጂ በኮላ መሙላት የለበትም። ወፍራሙ ስንጥር በጣት ግፊት ይገባል፣ ቀጫጭኖቹ በጎኑ ይከተሉታል፣ የመጨረሻው በጣት አልገባ ብሎ በመዶሻ ቀላል ምት ሲገባ ልክ ነው። ከዚያ በላይ መምታት አደጋ አለው። ቀዳዳው ከመቃኑ ጠርዝ 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ ስንጥሩ ሽብልቅ ሆኖ መቃኑን ራሱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ምቱ ከ«ጠቅ» ወደ ደነዘ «ዱብ» ሲለወጥ ማቆም ነው።

ሁሉንም አውጥቼ በተራ ዘረጋኋቸው። ኮላውን በስቴኪኒ እያዞርኩ የቀዳዳውን ግድግዳ ዙሪያውን ቀባሁ፤ እያንዳንዱንም ስንጥር ቀብቼ በዚያው ቅደም ተከተል መለስኩ። የመጨረሻው ሲገባ ኮላው በጠርዙ ሁሉ ብቅ አለ፤ በአንድ በኩል ብቻ ቢወጣ ኖሮ በሌላው በኩል ባዶ ቦታ አለ ማለት ነበር። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት።

ሰዓቱን አስቤበት ነው የጀመርኩት፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ። የኮላውን ጠርሙስ ከጠዋት ጀምሮ በኪሴ ይዤው ነበር። ለሌሊቱ አክስቴ የፈላ ውኃ በሁለት የፕላስቲክ ጀሪካን ሞልታ፣ በጋቢ ጠቅልላ መቃኑን አስደገፈችው። «ከሰል እናድርግለት?» ብላ ነበር፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ሰው ይገድላልና እንቢ አልኩ። ማንም ለኮላ ብሎ ይህን እንዳያደርግ።

24 ሰዓት ጠበቅን። በማግሥቱ ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ የቀረችውን የኮላ ጠብታ በጥፍሬ ተጫንኳት፤ ጠንካራ ናት፣ ነጭነቷም ጠፍቷል። ብቅ ያሉትን የስንጥር ጫፎች በመሮ ከመቃኑ ጋር እኩል ቆረጥኳቸው። ማጠፊያውን በቦታው አስቀምጬ የብሎኑን ማዕከል በሚስማር ምልክት አደረግሁ፤ ምልክቱ ከመሐል ካመለጠ የብሎኑ ራስ ማጠፊያውን ወደ ጎን ይገፋዋልና። ከዚያ በ2.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ 25 ሚሊ ሜትር ያህል በሳሁ። ይህ መንገድ ጠራጊ ቀዳዳ ከሌለ ብሎኑ አዲሱን ስንጥር እንደ ሽብልቅ ይከፍለዋል፤ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሰፋ ደግሞ ጥርሱ የሚነክሰው ያንሳል። ብሎኖቹን አዲስ አደረግሁ፣ ጥርሳቸውን በሻማ ሰም አሸሁ፣ በእጄ በካቻቪቴ አስገባኋቸው። በመሣሪያ ባስገባ ኖሮ መቼ ማቆም እንዳለብኝ እጄ አይነግረኝም ነበር። ትክክለኛ ብሎን ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ይከብዳል፣ ክብደቱም እየጨመረ ይሄዳል፣ ራሱ ብረቱን ሲነካ ድንገት ይቆማል። እዚያ ላይ አንድ ተጨማሪ ዙር ማከል ያለፈውን ሁሉ ማበላሸት ነው።

የአክስቴ ልጅ ይህ ሁሉ ልፋት ሲሆን እያየ «ወፈር ያለ ብሎን ብናደርግበትስ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ጥያቄው ትክክል ነው። ነገር ግን የወፍራም ብሎን ራስ በማጠፊያው ጎድጓዳ ቀዳዳ ውስጥ ስለማይሰምጥ ሁለቱ ክንፎች ሲታጠፉ ይነካካሉ፤ በሩ ሙሉ ለሙሉ አይዘጋም፣ በተዘጋ ቁጥርም ብሎኑን ይፈነቅለዋል። ያው ውፍረት ያለው ግን ረጅም ብሎን ከኋላው ጤነኛ እንጨት ካለ ጥሩ መፍትሔ ነው። የዚህ መቃን ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ገበያ ላይ ያገኘነው ባለ 50ው በሌላው ወገን ብቅ ይል ነበር።

ካቢኔቱ ከቺፑድ የተሠራ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልሠራውም ነበር። ቺፑድ ረጅም ጭረት የለውም፤ የቀዳዳው ግድግዳ የተጣበቀ ፍቅፋቂ ስለሆነ ስንጥር ሲመታበት ይፈረፈራል፣ ቢይዝም ስንጥሩ ከነዙሪያው ይወጣል። እዚያ ላይ ቀዳዳውን ወደ 10 ሚሊ ሜትር አስፍቶ ልኩ የሆነ ክብ እንጨት በኮላ መትከል፣ ወይም ማጠፊያውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ጤነኛ ቦታ ማንሣት ነው የሚያዋጣው።

በርሜሉን በተመለከተ አክስቴ መጀመሪያ አልተስማማችም፤ የቧንቧው ጎማ የሚደርሰው እዚያ ድረስ ነው። ውኃው ጎድሎ ሲቀልል ጠብቀን አንድ ስንዝር ወደ ግራ፣ አንድ ጭብጥ ወደ ኋላ ገፋነው። ጎማው በጭንቅ ደረሰ። በሩ አሁን ተከፍቶ ካቢኔቱን ራሱን እስኪነካ ድረስ የሚያግደው የለም።

ከመሄዴ በፊት በእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ አልፎ ማጠፊያው ላይ የሚቀጥል ቀጭን የእርሳስ መስመር አሰመርኩ። ብሎኑ በትንሹ እንኳ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፤ በሩ ከማዘንበሉ በፊት ይታያል። በፋሲካ አየሁት፣ ሁሉም ቀጥ ያለ ነው። በነሐሴ፣ እንጨቱ የክረምቱን እርጥበት ጠጥቶ ባበጠበት ወቅት ስመለከት ሁለቱ የተጠገኑት እንዳሉ ናቸው። ያልነካሁት የሦስተኛው ብሎን መስመር ግን የሚስማር ውፍረት ያህል ተሰብሯል። አክስቴ የተረፉትን የጥድ ስንጥሮች በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር፤ በዚያው ቀን ሦስተኛውንም አወጣሁና ቦረቦርኩት።